ታጥቦ የቀረበ ሞተር እንዴት ይታያል?

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ለሥራ የሚሆነኝ ያገለገለ ባጃጅ ቦክሰር 150 አግኝቻለሁ። ሻጩ እንደ አዲስ ነው ይላል፤ ታጥቦ ተወልውሎ ነው ያሳየኝ። መካኒክ ይዤ መሄድ አልቻልኩም። ራሴ ምን ምን ልይ?»

ወንድሜ፣ ሻጩን «እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሳው» በለው። እንደደረስክ ሲሊንደሩን በጥንቃቄ ንካ። ከሞቀ አስነስቶታል ማለት ነው፤ ሻይ እየጠጣችሁ እስኪበርድ ጠብቅ።

ሲነሳ ማርሚታውን እይ። ሰማያዊ ጭስ ትንሽ ቡልቅ ብሎ ከጠፋ የባልቦላ ኦይል ሲል ነው። ነዳጅ በሰጠኸው ቁጥር ከቀጠለ ግን ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ አልቋል። ከላይ በኩል ቀለል ያለ፣ እኩል የሚሄድ ቲክ ቲክ አያስደንግጥህ፤ ባልቦላ በማስተካከል ይጠፋል። ከሆዱ የሚወጣ፣ ነዳጅ ሲጨመር የሚበረታ ወፍራም ድው ድው ከሰማህ ቢዬላ ነው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይፈታል። እኔ ብሆን ዋጋ እንኳ አልከራከርም።

የታጠበ ሞተር ዘይት ማፍሰሱን አይናገርም። ስለዚህ በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፣ አሥር ደቂቃ ያህል ንዳው፣ ከዚያ ሲሊንደሩ ከታችኛው አካል ጋር የሚገጥምበትን መስመር እይ። እርጥብ ከሆነ ጋርኒሲዮኑን ለመቀየር ሲሊንደሩ መነሳት አለበት። በፊተኛው ፒኞን ዙሪያ ያለው ጥቁር ቅባት ከካቴናው የተረጨ ሊሆን ይችላል። እሱንም ጥረግና አዲስ ዘይት ከመሃሉ ይወጣ እንደሆነ እይ።

ካቴናውን ከኋለኛው ፒኞን ጫፍ ይዘህ ወደ ኋላ ሳበው። የጥርሱ ግማሽ ከታየ አልቋል። ጥርሶቹ እንደ ማጭድ ወደ አንድ ወገን ከጎበጡም እንዲሁ። አንዳንዱ ሻጭ በአሮጌ ፒኞን ላይ አዲስ ካቴና ገጥሞ «ቀይሬዋለሁ» ይላል። አትመነው፤ አሮጌው ጥርስ አዲሱን ቶሎ ይበላዋል። የካቴናውንና የሁለቱን ፒኞን ዋጋ ጠይቀህ ከሒሳቡ አስቀንስ።

ትልቁ ነገር ቴላዮው ነው። መሪው አንገት አካባቢ፣ ከሳልባትዮው ፊት ለፊት፣ የተሸበሸበ ወይም ለብቻው የተቀባ ቀለም፣ በሞላ የተላገ ብየዳ ፈልግ። የሻንሲ ቁጥሩንም ከሊብሬው ጋር እዚያው አስተያይ።

ከዚያ ረጅም ሲባጎ ከኋላ ጎማ ጀርባ አዙርና ሁለቱን ጫፍ በግራና በቀኝ ወደ ፊት ወጥረው። በሁለቱም በኩል የኋላ ጎማውን የፊትና የኋላ ጠርዝ ይንካ። መሪውን ቀጥ አድርገህ ከፊት ጎማው እስከ ሲባጎው ያለውን ክፍተት ለካ። ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለበት። ካልሆነ ቶሎ አትፍረድ፤ መጀመሪያ የካቴና ማጥበቂያው ምልክት በሁለቱም ጎን አንድ ቦታ መሆኑን እይ። እሱ ብቻ ከተዛነፈ ቁልፍ ይዞ የሚስተካከል ነገር ነው። ምልክቱ እኩል ሆኖ ክፍተቱ ከተለያየ ግን ቴላዮው ወይም የፊት ሾኩ ተጣሟል። ሾክ ይቀየራል። ቴላዮ ሆኖ ካገኘኸው ሞተሩን ለሻጩ ተውለት።