«ታርሟል» ማለትና «ታርሟል?» ማለት

አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ ሰው ከገባው ጥያቄ ምልክት የግድ ነው?» ብላ ጻፈችልኝ። አዎ ብዬ በአጭሩ መለስኩላት። ከዚያ ግን የቆየ ነገር ትዝ ብሎኝ እንቅልፍ ነሳኝ።

አራት ኪሎ አካባቢ በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ነበርኩ። የአንድ አዛውንት የታሪክ መጽሐፍ በእጃችን ነበር። ሰውዬው የመጨረሻው ፕሩፍ ሲደርሳቸው ጠርዙ ላይ በእጃቸው «ምዕራፍ ሦስት ታርሟል» ብለው መለሱት። መጠየቃቸው ነበር። ምልክቱን ግን አላስገቡም። የማሽን ክፍሉ ኃላፊ ማረጋገጫ መሰለውና ሥራውን አስጀመረ። ምዕራፉ ከነስህተቱ፣ የተዛቡት ዓመተ ምሕረቶች እንዳሉ፣ ታትሞ ተጠረዘ። ደራሲው የመጀመሪያውን ቅጂ ይዘው ቆመው ገጽ ሲገልጡ አየኋቸው። አንድ ቃል አልወጣቸውም። ወረቀት እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ እንደገና ማተም አልተቻለም፤ «እርማት» የሚል ብጣሽ ወረቀት መሐሉ ሸጎጥንበት። ሁለተኛው እትም ሳይወጣ አረፉ። እሱ ነው የሚቆጨኝ።

ነገሩ ከቋንቋችን ጠባይ ይመጣል። እንግሊዝኛ ሲጠይቅ የቃላቱን ቦታ ያቀያይራል። አማርኛ ግን ቢነግርህም ቢጠይቅህም «ታርሟል» ያው «ታርሟል» ነው። በአፍ ድምፃችን ይለየዋል፤ በጽሑፍ ግን ያቺ አንዲት ምልክት ብቻ ናት። «ማን»፣ «መቼ»፣ «ለምን» ካሉበት ምልክቱ ቢጠፋም አንባቢ ይደርስበታል። አደጋው እነሱ በሌሉበት ነው። ምልክቱ ይረሳል ብላችሁ ከሠጋችሁ «ወይ» ጨምሩበት፤ «ታርሟል ወይ?»። ያኔ ምልክቱ ቢወድቅ እንኳ ቃሉ ይጠይቃል።

በተቃራኒው «ለምን እንደቀረ አላውቅም» ጥያቄ አይደለም፤ አራት ነጥብ ይበቃዋል። «ለምን ቀረህ?» ሲል ጠየቀኝ ካላችሁ ደግሞ ጥያቄ ምልክቱ ጥቅሱ ውስጥ ይቀራል፣ አራት ነጥቡም የራሳችሁን ዓረፍተ ነገር ይዘጋል። በአንድ ጥያቄ መጨረሻ ላይ ግን «?።» ብሎ መደረብ አያስፈልግም። ድሮ ሦስት ነጥብ (፧) ነበረን፤ በ«?» መተካቱ አያስከፋኝም።

የሚያስከፋኝ የዛሬ ልጆች ነገር ነው። ለጓደኛ ስትጽፉ አምስት ጥያቄ ምልክት ትደረድራላችሁ፣ ለመሥሪያ ቤት ስትጽፉ አንዲቷን ትተዋላችሁ።

የውጭውን ኮማም አልጠላውም፤ ቦታው ግን ቁጥር ውስጥ ነው። ዋጋ ስትዘረዝሩ «1,500, 2,000, 3,000 ብር» ብትሉ ሺውን የሚለየውና ዋጋውን የሚለየው ምልክት አንድ ይሆንና ዓይን ይደናገራል። «1,500፣ 2,000፣ 3,000 ብር» በሉት። ኮማው ለሺው ይቀራል፣ ነጠላ ሰረዙ ዋጋዎቹን ይለያል። ስልካችሁ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ካለ «፣» አለበት፤ ፈልጋችሁ አግኙት።