72ን ለወለዱ አካፍሉ፤ ከመፈረማችሁ በፊት

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ጥያቄ ላከችልኝ። ሥራ ለመጀመር 100 ሺህ ልትበደር ነው። ወለዱ በወር 2 በመቶ ነው። በየወሩ ምንም አትከፍልም፤ ዋናውንም ወለዱንም ከ3 ዓመት በኋላ በአንዴ ትመልሳለች። «36 ወር በ2 ሲባዛ 72 ነው። ስለዚህ 172 ሺህ እመልሳለሁ አይደል?» ትላለች።

አይደለም። ያልተከፈለው ወለድ በየወሩ ዋናው ላይ የሚደመር ከሆነ የምትመልሰው 204 ሺህ ገደማ ነው። ደንቡ ቀላል ነው፦ 72ን ለወለዱ ስታካፍሉ ዕዳው ዕጥፍ የሚሆንበት ጊዜ ይወጣል፤ 72 ለ2 ሲካፈል 36 ወር። ለእሷ መልሼላታለሁ። ጥያቄዋ ግን አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬን አስታወሰኝ። የእሱ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ያኔ እኔ ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። እሱ በዕድሜ አባቴ ሊሆን የሚችል ሰው ነው፤ ጋሼ ነበር የምለው። ጠንቃቃ ነው። ደረሰኝ አይጥልም፤ ቁጥር ሲደምር ሁለት ጊዜ ነው የሚደምረው። ከደመወዙ ጎን ለጎን ትንሽ የእንጨት ሥራ ለመክፈት 100 ሺህ ተበደረ። በወር 3 በመቶ፣ በ4 ዓመት፣ መጨረሻ ላይ በአንዴ የሚከፈል። ስለ ብድሩ ለማንም አልነገረም። እኔ ጋ የመጣው መክፈያው ሲደርስ ነው።

ሁለት ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። አንዱ የራሱ ስሌት ነው። 48 ወር በ3 በመቶ 144 በመቶ፤ ከዋናው ጋር 244 ሺህ። ይህን ገንዘብ በአራቱ ዓመት ቀስ እያለ አጠራቅሟል። ሌላው ወረቀት ከአበዳሪው የመጣ ነው። እዚያ ላይ ያለው 413 ሺህ ነው። «ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች አጭበርብረውኛል። አንተ አጣራልኝ» አለኝ።

አብረን ወር በወር ሠራነው። የመጀመሪያው ወር ወለድ 3,000 ነው። ስላልተከፈለ ዕዳው 103,000 ሆነ። በሁለተኛው ወር ወለዱ የሚታሰበው በ103,000 ላይ ነው፤ 3,090። በሦስተኛው 3,182 ከ70 ሳንቲም። «ይቺማ ምን አላት፣ ጥቂት ናት» እያለ ይከተለኛል። 24ኛው ወር ላይ ስንደርስ ግን ዝም አለ። በእሱ ስሌት ያኔ ዕዳው 172 ሺህ መሆን ነበረበት። በወረቀቱ ላይ የወጣው 203 ሺህ ነው። ከዚያ ወዲህ ያሉት 24 ወራት ደግሞ የሚጀምሩት ከ203 ሺህ ነው። እሱም እንደገና ዕጥፍ ሆኖ 413 ሺህ ላይ አረፈ። ውሉን አወጣንና አነበብነው። ያልተከፈለ ወለድ በየወሩ ከዋናው ጋር እንደሚደመር በግልጽ ተጽፏል። ማንም አላጭበረበረም።

72 ለ3 ሲካፈል 24 ነው። በወር 3 በመቶ ገንዘብ በ24 ወር ዕጥፍ ይሆናል፤ በ48 ወር አራት ዕጥፍ። ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ ስሌት ነው። 400 ሺህ ይሰጣችኋል፤ ከ413 ብዙም አይርቅም።

በጣም የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። ጋሼ በየወሩ 3,000 እየከፈለ ቢሄድ ኖሮ ዕዳው 100 ሺህ ላይ እንደቆመ ይቀር ነበር። 48 ጊዜ 3,000 ማለት 144 ሺህ ነው። ከዋናው ጋር 244 ሺህ። ወረቀቱ ላይ የጻፈው ቁጥር ትክክል የሚሆነው በየወሩ ለከፈለ ሰው ነበር። ገንዘቡም ነበረው፤ ለብቻው ያስቀምጠው ነበር። ለአበዳሪው በየወሩ መስጠት ሲችል ቤቱ አጠራቀመውና 169 ሺህ ተጨማሪ ዕዳ መጣበት። ማሽኖቹን ሸጠ። የቀረውን ደግሞ ጡረታ እስኪወጣ ከፈለ።

ስለዚህ ደንቡን ስትይዙ ይህን አብራችሁ ያዙ፦ የሚሠራው ወለዱ ዋናው ላይ እየተደመረ ሲሄድ ብቻ ነው። ወለዱ በየጊዜው ከተከፈለ ዕዳው አይታጠፍም። ወለዱ ሁልጊዜ በመጀመሪያው ገንዘብ ላይ ብቻ የሚታሰብ ከሆነም የሚካፈለው 72 ሳይሆን 100 ነው። ሌላው፣ ወለዱ በወር ከተደመረ መልሱም በወር ነው፤ በዓመት ከተደመረ በዓመት። የወሩን 3 በመቶ በ12 አባዝቶ «በዓመት 36» ማለት ልማድ ሆኗል። ወለዱ ሲደራረብ ግን የዓመቱ ጭማሪ 42.6 በመቶ ይደርሳል። ባትቀይሩት ይሻላል። በተጻፈበት ጊዜ ልክ አካፍሉት።

72 ከየት መጣ? የሒሳብ መዝገብ አያያዝን በጽሑፍ ካደራጁት ቀደምት ሰዎች አንዱ የሆነው ሉካ ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1494 ቬኒስ ውስጥ ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ጠቅሶታል፤ ለምን እንደሚሠራ ግን አላብራራም። ይህን ለማስላት የሚያገለግለው ሎጋሪዝም የተባለው የሒሳብ ዘዴ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1614 ስለሆነ ያኔ ማስረጃውን በቀላሉ ማሳየት የሚቻልበት መንገድ አልነበረም። እኔ ወጣት ሳለሁ ይህን የነገረኝ አንድ አዛውንት ኦዲተር ነበር፤ እንደ ቤተሰብ ታሪክ ነበር የሚያወራው። ወለዱ ያለማቋረጥ በየቅጽበቱ ቢደመር ትክክለኛው ቁጥር 69.3 ነው። 72 የተመረጠው ለተለመዱት ወለዶች ስለሚቀርብ፣ ደግሞም በ2፣ በ3፣ በ4፣ በ6፣ በ8፣ በ9 እና በ12 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ነው።

ልክ የሚገጥመው 8 በመቶ አካባቢ ነው። በ8 በመቶ 9 ዓመት ይላል፤ እውነቱም 9 ዓመት ነው። ከዚያ ሲወርድ ጊዜውን ያስረዝመዋል፤ ሲወጣ ያሳጥረዋል። በ2 በመቶ 36 ይላል፤ እውነቱ 35 ነው። በ24 በመቶ 3 ይላል፤ እውነቱ 3.2 ገደማ ነው። ማስተካከያም አለው። ወለዱ ከ8 በላይ በ3 በጨመረ ቁጥር 72 ላይ 1 ጨምሩ፤ በታች በ3 በቀነሰ ቁጥር 1 ቀንሱ። ለ20 በመቶ 76ን አካፍሉ፤ 3.8 ዓመት ይወጣል፤ ትክክል ነው።

ይህን በቃል ልመዱት። የዛሬ ልጆች 72ን ለ6 ለማካፈል እንኳ ስልክ ታወጣላችሁ፤ ስልኩ እስኪከፈት አበዳሪው ብዕር አቀብሏችኋል። ለመፈረም ስትወስኑ ግን ስልኩን አውጡት፤ እንደ እኔና ጋሼ ወር በወር ሥሩት።

ደንቡ ወደ ኋላም ይሠራል። አሁን በየቦታው «ገንዘብህ በ6 ወር ዕጥፍ ይሆናል» የሚል ሰው በዝቷል፤ ወጣቱም ችኩል ስለሆነ ቶሎ ይሰማዋል። 72 ለ6 ሲካፈል 12 ነው። ሰውየው በወር 12 በመቶ እሰጣለሁ እያለ ነው። በዓመት አራት ዕጥፍ፣ በሁለት ዓመት 16፣ በሦስት ዓመት 64 ዕጥፍ። 100 ሺህ በሦስት ዓመት 6.4 ሚሊዮን ይሆናል። እንዲህ የሚያተርፍ ሥራ ያለው ሰው በወር 3 በመቶ ተበድሮ ልዩነቱን ለራሱ ማስቀረት ይችላል። የእናንተን ገንዘብ ለምን በ12 እንደሚፈልገው ጠይቁት።