አራተኛዋ ቦይ

ለወጣት የጥርስ ሐኪሞች፣

ዛሬ የምጽፍላችሁ የራሴን ጥፋት ነው። ከዓመታት በፊት የአንዲት መምህርት የላይኛውን የመጀመሪያ ትልቅ መንጋጋ ሩት ካናል ሠራሁ። ጥርሱ ሦስት ሥር አለው፤ ሁለት በጉንጭ በኩል፣ አንድ በላንቃ በኩል። ሦስት ቦይ አገኘሁ፣ አጸዳሁ፣ ሞላሁ። ኤክስሬዩ ሲታይ ያምር ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሳ መጣች። ስታኝክ ያማታል፣ ድዷ ላይም መግል የያዘች ትንሽ ብጉር ወጥታለች። ኤክስሬዩ ላይ ጉንጭ በኩል ባለው የፊተኛው ሥር ጫፍ ጥቁር ጥላ አየሁ። የኤክስሬዩን ቱቦ ወደ ጎን አዘንብዬ ደግሜ አነሳሁ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። የሞላሁት ቦይ የሥሩን መሐል ትቶ ወደ አንድ ጎን ተጠግቷል። ሥሩ ሰፊ ነውና በሌላው ጎን አንድ ቦይ ቀርቷል ማለት ነው።

ይህች ቦይ በእኛ ቋንቋ «ኤምቢ ቱ» ናት። በዚህ ጥርስ ላይ ከግማሽ በላይ በሚሆኑ ሰዎች ትገኛለች፤ ስለዚህ ብርቅ ነገር አድርጋችሁ አትዩዋት። አለች ብላችሁ ተነሱ። ከዋናው ቦይ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ላንቃ በኩል ትርቃለች። ብዙ ጊዜ ዋናውንና የላንቃውን ቦይ ከሚያገናኘው መስመር ትንሽ ወደ ፊት ትወጣለች። አፏን ከፊተኛው ግድግዳ የወጣ የዴንቲን ከንፈር ይሸፍነዋል። የቀረሁት እኔም እሱ ጋ ነው። መክፈቻዬን ሦስት ማዕዘን አድርጌ አቆምኩ፤ ወደ ፊት ትንሽ ባሰፋው ይታይ ነበር።

የመምህርቷ ጥርስ ነርቭ በመጀመሪያው ቀን በሕይወት ነበር። ያላጸዳሁት ቁራጭ ቀስ ብሎ ሞተ፣ ባክቴሪያ ሰፈረበት። ለዚህ ነው ችግሩ እስኪታይ ሁለት ዓመት የፈጀው። አንዳንዱ ግን ቶሎ ይናገራል። ሩት ካናል ያለቀለት ጥርስ ሙቅ ሻይ ሲነካው ከተሰማው፣ በሕይወት ያለ ነርቭ ረስታችሁ ሊሆን ይችላል። ጎረቤቱን ጥርስም ፈትሹ።

ራበር ዳም አድርጌ ከፈትኩት። በማጉያ እያየሁ የዴንቲኑን ከንፈር በአልትራሳውንድ ጫፍ በቀስታ ላጥኩ። የክፍሉ ወለል ጠቆር ያለ፣ ግድግዳው ነጣ ያለ ነው፤ በሁለቱ መጋጠሚያ ያለውን ቀጭን ጭረት ተከተልኩ። ሃይፖክሎራይት ጨምሬ ስጠብቅ ከአንድ ነጥብ አረፋ ብቅ አለ። 8 ቁጥር ፋይል ገባ፣ ከዚያ 10። መጀመሪያ ላይ ነክሶ ይይዛል። ቦይዋ ወደ ፊት አዘንብላ ስለምትጀምር ነው፤ አትግፉት።

ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ቆፍራችሁ ካጣችሁ ቁሙ፣ ኤክስሬይ አንሱ። ከዚያ በላይ በጭፍን መሄድ ጥርሱን ይበሳል፤ የተበሳ ጥርስ ከቀረች ቦይ የባሰ ጣጣ አለው። ሲቢሲቲ የምታገኙ ከሆነ ሳትቆፍሩ እዩት።

በዓመቱ ጥላው ጠፍቶ ነበር፣ ብጉሯም ደርቃለች። ለሁለተኛው ሥራ ሒሳብ አልጠየቅኳትም። እሷ ግን «ታዲያ የመጀመሪያው ለምን ተከፈለ?» አለችኝ፤ መልስ አልነበረኝም።