የልደት ቀኖቹን ኤክሴል አስቀድሞ ቀይሯቸዋል

ጥያቄ፦ በድርጅታችን የሠራተኞች መዝገብ ላይ የልደት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀን/ወር/ዓመት ተደርጎ በአንድ ዓምድ ተጽፏል። ዕድሜና የአገልግሎት ዘመን ላሰላ ብሞክር አንዳንዱ ረድፍ #VALUE! ይላል፣ ሌላው ደግሞ የተሳሳተ ቁጥር ያወጣል። ግማሹ ሴል ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ ተጠግቶ ነው የሚታየው። ከእኔ በፊት የነበረው ባልደረባ 8 ዓመት የሚጨምር ዓምድ በጎን ሠርቶ ነበር፤ እሱም አልገጠመም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ፋይልዎን ባላየውም፣ ግማሹ ወደ ቀኝ ግማሹ ወደ ግራ ማለትዎ ብቻ ችግሩን ይጠቁመኛል። ወደ ቀኝ የተጠጉትን ኤክሴል ገና ሲጻፉ የፈረንጅ ቀን ናቸው ብሎ ወደ ቁጥር ቀይሯቸዋል፤ ወደ ግራ የተጠጉት ግን ሊተረጉማቸው ስላልቻለ ጽሑፍ ሆነው የቀሩ ናቸው። ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አጻጻፍ፣ ማለትም ወርን በማስቀደም የተዘጋጀ ከሆነ፣ ቀኝ የያዙት ሁሉ የመጀመሪያ ቁጥራቸው ከ12 የማይበልጥ፣ ግራ የያዙት ደግሞ በአብዛኛው ከ13 ጀምሮ ያሉት ሆነው ያገኟቸዋል። ዓምዱን በማጣሪያ ለይተው ይህን ያረጋግጡ። እንዲህ ካልሆነ የሚቀጥሉት ሦስት ፎርሙላዎች ለእርስዎ ፋይል አይሆኑም።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የመጀመሪያውን ዓምድ አይንኩ። የፋይሉን ቅጂ ያስቀምጡ፤ የዓምዱን ቅርጽ ወደ Text ለመቀየርም አይሞክሩ፣ ምክንያቱም ኤክሴል ቁጥር ያደረገውን ቀን ወደ Text ሲለውጡት የሚያገኙት እንደ 31174 ያለ ባዶ ቁጥር ነው። ከዚያ በኋላ መዝገቡን የሚያነብ ሰው የልደት ቀን መሆኑን እንኳ አይለይም።

ለምሳሌ መጋቢት 5 ቀን 1985 ዓ.ም. የተወለደ ሠራተኛ 5/7/1985 ተብሎ ተመዝግቧል እንበል። ኤክሴል ይህን እ.ኤ.አ. ሜይ 7 ቀን 1985 አድርጎ ነው የያዘው። የቀድሞው ባልደረባዎ 8 ዓመት ሲጨምርበት ሜይ 7 ቀን 1993 ሆነ፤ ትክክለኛው ግን ማርች 14 ቀን 1993 ስለሆነ ሰውዬው በ54 ቀን ዘግይቶ እንደተወለደ ተቆጠረ ማለት ነው። ይህ 8 መጨመር የሚባል ጥገና ብዙ መሥሪያ ቤት ውስጥ አጋጥሞኛል፤ ዓመቱ ተቀራራቢ ስለሚመስል ማንም አይጠራጠረውም፣ ጉዱ የሚወጣው የጡረታ ወይም የኮንትራት ቀን ሲደርስ ነው። 8 የሚጨምረውን ዓምድ ያጥፉት።

መፍትሔው ቀን፣ ወርና ዓመትን በየራሳቸው ዓምድ መለየት ነው። የመጀመሪያው ጽሑፍ በA ዓምድ ካለ፣ በB ቀኑን፣ በC ወሩን፣ በD ዓመቱን የሚያወጡት ፎርሙላዎች በቅደም ተከተል እነዚህ ናቸው፦

```
=IF(ISNUMBER(A2),MONTH(A2),VALUE(LEFT(A2,FIND("/",A2)-1)))
=IF(ISNUMBER(A2),DAY(A2),VALUE(MID(A2,FIND("/",A2)+1,FIND("/",A2,FIND("/",A2)+1)-FIND("/",A2)-1)))
=IF(ISNUMBER(A2),YEAR(A2),VALUE(RIGHT(TRIM(A2),4)))
```

ቀኑን ለማግኘት MONTH፣ ወሩን ለማግኘት DAY መጻፌ ስህተት አይደለም። ኤክሴል ሲተረጉም ያገላበጠውን እኛ መልሰን እያገላበጥነው ነው። ጳጉሜንም በዚሁ መንገድ ትድናለች፤ 5/13/1990 ተብሎ የተጻፈውን ጳጉሜ 5 ኤክሴል ሜይ 13 ብሎ ስለያዘው ፎርሙላው 5 እና 13 አድርጎ ይመልሰዋል። መድኃኒት የሌለው ፋይሉ በተለያየ መንገድ በተዘጋጁ ሁለት ኮምፒውተሮች ላይ ተራ በተራ ተጽፎ ከሆነ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ቀኑ ከ12 የማይበልጠውን ረድፍ ሁሉ ከወረቀት መዝገቡ ጋር ማመሳከር ግድ ይላል።

አሁን ወደ ፈረንጅ ቀን መለወጫው በE ዓምድ ይግባ፦

```
=365*D2+INT(D2/4)+30*C2+B2-691194
```

ውጤቱ ቁጥር ስለሆነ የሴሉን ቅርጽ ወደ Date ይለውጡት። በምሳሌያችን 34042 ይወጣል፤ ይህም ማርች 14 ቀን 1993 ነው።

ይህ አጭር ፎርሙላ ለምን እንደሚሠራ ብዙ ሰው አያምነኝም፤ ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝረው። ኤክሴል ቀንን የሚያውቀው በተራ ቁጥር ነው፤ ፌብሩዋሪ 29 መቼ እንደሚመጣ ማስታወስ የእሱ ሥራ ነው። የእኛ ሥራ ከኢትዮጵያ ዘመን መጀመሪያ አንስቶ ስንት ቀን እንዳለፈ መቁጠር ብቻ ነው። እያንዳንዱ ዓመት 365 ቀን፣ እያንዳንዱ ወር 30 ቀን አለው፤ የሚያስቸግረው በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣው ጳጉሜ 6 ናት። እሷን የሚቆጥራት INT(D2/4) የሚለው ቁራጭ ነው።

ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው ይህን ቁራጭ ሲያይ ፈገግ ይላል። ዓመቱን ለአራት ሲያካፍሉ 1 ቢተርፍ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ዘመነ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ዘመነ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዘመነ ዮሐንስ ነው። ሊቃውንቱ የሚያካፍሉት 5500 የተጨመረበትን ዓመተ ዓለም ነው፤ ይሁንና 5500 ራሱ ለአራት ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ትርፉ አይለወጥም። ጳጉሜ 6 የምትውለው በሉቃስ መጨረሻ ነው፤ በማግስቱ ዮሐንስ ሲገባ ዓመቱ ለአራት እኩል ይካፈልና INT(D2/4) በአንድ ይጨምራል። ተጨማሪዋ ቀን የምትቆጠረው ልክ በመስከረም 1 ነው እንጂ አንድ ቀን አትቀድምም፣ አንድ ቀን አትዘገይም። የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 ግን የሚመጣው በዚያው በዮሐንስ ዘመን አጋማሽ ስለሆነ፣ እስከዚያ ድረስ ሁለቱ አቆጣጠሮች በአንድ ቀን ይዛነፋሉ። የ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ የዋለው፣ ጥምቀቱም ጃንዋሪ 20 የሆነው ለዚህ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ነበር። በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 የሚከበረውም ከዚሁ የተነሣ ነው። “10 ቀን ጨምር፣ 8 ዓመት ጨምር” የሚሉ ፎርሙላዎች የሚሰበሩት እዚች ግማሽ ዓመት ውስጥ ነው፤ ከየቦታው በነፃ የሚወርዱ አንዳንድ የቀን መለወጫ ማክሮዎችንም እዚችው ላይ ይዣቸዋለሁ። ጥምቀት 11/5/2016ን ስጡት፤ ጃንዋሪ 19 ካላችሁ ወርውሩት።

691194 የሚለው ቁጥር የሁለቱን አቆጣጠሮች መነሻ የሚያገናኝ ነው። ፋይልዎ ላይ በትክክል መሥራቱን ለማወቅ =DATE(2007,9,12) ብለው ይጻፉና ቅርጹን General ያድርጉት፤ ይህ የሚሌኒየሙ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ስለሆነ 39337 መውጣት አለበት። 37875 ካወጣ ፋይሉ በጥንት የማክ ኮምፒውተር ልማድ ከ1904 የሚቆጥር ነው፤ ከE ፎርሙላ ላይ ተጨማሪ 1462 ይቀንሱ፣ ቀጥሎ በሚመጣው G2 ላይም =TODAY()+1462 ብለው ይጻፉ። ኤክሴል እ.ኤ.አ. ከ1900 በፊት ያለን ቀን ስለማያሳይ ይህ ዘዴ ለጥንት ታሪክ አይሆንም፤ ለሠራተኞች መዝገብ ግን ይበቃል።

ለዕድሜ የዛሬውን ቀን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መመለስ ያስፈልጋል። በG2 =TODAY() ይጻፉ፤ ከዚያ በH2 ዓመቱን፣ በI2 ከመስከረም 1 ወዲህ ያለፉትን ቀናት፣ በJ2 ወሩን፣ በK2 ቀኑን ያውጡ፦

```
=INT((4*G2+2764655)/1461)
=G2-365*H2-INT(H2/4)+691163
=INT(I2/30)+1
=MOD(I2,30)+1
```

እነዚህኑ በG2 ፈንታ 34042 ሰጥተው ይሞክሯቸው፤ 1985፣ 184፣ 7 እና 5 ከወጣ መጋቢት 5 ተመልሷል ማለት ነው። ከዚያ ዕድሜው በF ዓምድ፦

```
=$H$2-D2-(($J$2*100+$K$2)<(C2*100+B2))
```

በቅንፍ ያለው ማነጻጸሪያ የዘንድሮው ልደት ገና ካልደረሰ 1 ይቀንሳል። የF ዓምድና ከH2 እስከ K2 ያሉት ሴሎች ቅርጽ General መሆኑን ያረጋግጡ። ዕድሜን በፈረንጅ ቀን ላይ በDATEDIF ማስላት ለምን እንደማልመክር በአንድ ሰው ላሳይዎ። መስከረም 1 ቀን 1992 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1999 ነው የተወለደው። መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. 25 ዓመት ሞላው፤ ቀኑ ግን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ስለነበር DATEDIF ያን ዕለት 24 ይላል። መዝገባችሁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ዕድሜውም በዚያው ይሰላ።

የአገልግሎት ዘመን ላይ የምትጠፋው ጳጉሜ ናት። ኅዳር 15 ቀን 2009 ተቀጥሮ ጥቅምት 10 ቀን 2017 የለቀቀን ሠራተኛ እንውሰድ። በዕድሜው ዘዴ 7 ሙሉ ዓመት ይወጣል። ትርፉን በወርና በቀን ብቻ የሚቆጥር ሰው 10 ወር ከ25 ቀን ይላል፣ በ30 ሲመነዘር 325 ቀን መሆኑ ነው። በእኔ መንገድ ግን ሰባተኛው ዓመት የሞላበትን ኅዳር 15 ቀን 2016 በE ፎርሙላ ወደ ቁጥር እለውጣለሁ፣ 45255 ይሆናል፤ የለቀቀበት ቀን 45585 ነው፤ ልዩነቱ 330 ቀን ነው። አምስቱ ቀናት የጳጉሜ ናቸው፣ ሰውዬው የሠራባቸው ናቸው። የመጨረሻውን የሥራ ቀንም የምትቆጥሩ ከሆነ 1 ጨምሩ፤ ይህን ኤክሴል አይወስንላችሁም፣ የውስጥ ደንባችሁ ነው የሚወስነው።

ውጤቱን ወደ ሌላ ሠንጠረዥ ስትገለብጡ በPaste Special የValues ምርጫ ተጠቀሙ፤ አሁንም ደግሜ እላለሁ፣ የA ዓምድ ላይ እንዳትለጥፉት። ከዚህ በኋላ የሚገቡ አዲስ ሠራተኞች ቀናቸው በአንድ ሴል በእዝባር ተለይቶ አይጻፍ፤ ቀን፣ ወርና ዓመት በቀጥታ በB፣ C እና D ይግቡ፣ ስህተት መኖሩንም ይህች ፎርሙላ ትንገራችሁ፦

```
=AND(C2>=1,C2<=13,B2>=1,B2<=IF(C2<13,30,IF(MOD(D2,4)=3,6,5)))
```

FALSE ያለችበት ረድፍ ለምሳሌ ወይ 31 የሚል ቀን አለው፣ ወይ ከ13 የበለጠ ወር አለው፣ ወይ በሉቃስ ያልሆነ ዓመት ጳጉሜ 6 ተጽፎበታል። የነባሮቹን ረድፎች በሙሉ አሁኑኑ በእሷ ፈትሿቸው፤ ቀንና ወር የተገላበጠባቸው ጥቂቶቹ መጀመሪያ የሚታዩት እዚያ ነው።