ፎቶው የቆረጣት ሻርፕ

«ጋሼ፣ አጎቴ ከተወልኝ የቆየ የፒያኖ መማሪያ መጽሐፍ አንድ ገጽ በስልክ አንስቼ በወረቀት አሳትሜዋለሁ፤ ልኬልዎታለሁ። የኖታዎቹን ስም አውቃለሁ። የመጀመሪያው መስመር በኪቦርዴ ያምራል፤ ከሁለተኛው ጀምሮ ግን ፋ ላይ ስደርስ ይጎመዝዛል። የሚገርመው 11ኛው ባር ላይ ያው ፋ ደህና ነው። ጓደኛዬ ትራንስፖዙን ቢቀይረውም አልተሻለም። አንዳንቴ፣ ፒ እና ኤፍ የሚሉትስ ምን አድርግ ማለታቸው ነው? ማታ ማታ በጆሮ ማዳመጫ ነው የምለማመደው፤ ኤፍ ሲመጣ ድምፁን እጨምራለሁ።» (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

ኪቦርድህ ጤነኛ ነው፤ መጽሐፉም አልተሳሳተም። ፎቶውን ከመክፈቴ በፊት የጠረጠርኩት አንድ ነገር ነበር፤ ስከፍተውም ያው ሆኖ አገኘሁት። ገጹ በመጽሐፉ የቀኝ በኩል ያለ ነው። የግራ ጠርዙ ወደ ጥራዙ መታጠፊያ ስለሚገባ በፎቶው ላይ ጥቁር ጥላ ሆኖ ቀርቷል። እዚያ ጥላ ውስጥ ክለፎቹ፣ ማለትም የትኛው መስመር የትኛው ኖታ እንደሆነ የሚናገሩት ምልክቶች፣ ቀርተዋል፤ ከክለፎቹ ጋር ደግሞ አንዲት ሻርፕ፣ ኖታን ግማሽ ድምፅ ከፍ የምታደርግ ምልክት፣ ቀርታለች።

በታተመው ወረቀት ላይ አንድ ሰው ክለፎቹን በእስክሪብቶ ስሎ መልሷቸዋል፤ ከየኖታው ሥርም ስሙን ጽፏል። በዚህ አዝናለሁ። ክለፍን ገምቶ የሚስል ሰው ከክለፉ ቀጥሎ ምን እንደነበር ሳይጠይቅ እጁን ማንሳት የለበትም። ከእያንዳንዱ ፋ ሥር «ፋ» ብሎ ስለጻፈ አንተም ነጩን ቁልፍ እንድትመታ ፈርዶብሃል። ትራንስፖዙም ቢሆን ሁሉንም ቁልፍ እኩል ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል እንጂ አንዱን ኖታ ለብቻው አያቃናም። ወደ ዜሮ መልሰው።

አሁን ማስረጃውን ተመልከት። ፎቶውን አስፍተህ ሦስተኛው መስመር ላይ የግራ እጁን፣ ማለትም የታችኛውን ስታፍ፣ ኖታ የሚጻፍባቸውን አምስት መስመሮች፣ እይ። ከአምስቱ፣ ከታች ሲቆጠር አራተኛው መስመር ላይ ከጥላው የወጡ ሁለት አጫጭር ሰረዞች አሉ። የሻርፕ የቀኝ ጫፍ ናቸው። በባስ ክለፍ አራተኛው መስመር ፋ ነው። በላይኛው ስታፍ፣ በትሬብል ክለፍ፣ የዚህችው ሻርፕ ቦታ አምስተኛው መስመር ነው፤ እሱም ፋ ነው። ኪ ሲግኔቸር የሚባለው ይህ ነው። በየመስመሩ መጀመሪያ ይደገማል፤ የሚለውም «ሌላ ምልክት እስካልመጣ ድረስ በዚህ ገጽ ላይ ያለ ፋ ሁሉ፣ ከፍ ያለውም ዝቅ ያለውም፣ ፋ ሻርፕ ነው» ነው። ፋ ሻርፕ ከፋ በስተቀኝ ያለው ጥቁር ቁልፍ ነው።

የ11ኛው ባርህ ነገር ደግሞ ጥርጣሬዬን ወደ እርግጠኝነት ቀየረው። እዚያ ከፋ ፊት ናቹራል የሚባለው ምልክት ታትሟል። ናቹራል ሻርፕን፣ ወይም ኖታን ግማሽ ድምፅ ዝቅ የሚያደርገውን ፍላትን፣ የሚሰርዝ ነው፤ የሚሰረዝ ነገር ከሌለ ማንም አታሚ አያስገባውም። ስለዚህ በዚያ ባር ብቻ ነጩን ቁልፍ ስትመታ ልክ ነበርክ። የናቹራሉ ሥልጣን ግን የባሩ ቋሚ መስመር ላይ ያበቃል፤ 13ኛው ባር ላይ ያለው ፋ እንደገና ሻርፕ ነው።

የመጀመሪያው መስመር ለምን አማረ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለተማሪዎቼ ሁሉ የምነግረው ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ አራት ባሮች ያሉት ኖታዎች ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ እና ሚ ብቻ ናቸው። እነዚህን አምስቱን በተራ ምታቸው፤ ጆሮህ ወዲያው ያውቃቸዋል። ከሶል የተነሳ ሙሉ ትዝታ ናቸው! ትዝታ ውስጥ ደግሞ ይህች የምታስቸግርህ ሰባተኛዋ ድምፅ የለችም። በአገራችን ቅኝት ያደገ ጆሮ እስከዚያ ድረስ ቤቱ ነው። ይህ ገጽ ግን የሚሄደው በሰባት ድምፅ ሜጀር ነው፤ የሜጀር እርከን ደግሞ ልኩ የታወቀ ነው፤ ሁለት ሙሉ ድምፅ፣ አንድ ግማሽ፣ ሦስት ሙሉ፣ በመጨረሻም አንድ ግማሽ። ግማሽ ድምፅ ማለት ጥቁሩንም ነጩንም ቆጥረህ የቅርቡ ቁልፍ ነው፤ ሙሉ ድምፅ አንድ ቁልፍ ዘልሎ ነው። ከሶል ተነስተህ ቁጠር። ሶል፣ ላ፣ ሲ፤ ሁለቱ ሙሉ አለቁ። ከሲ ወደ ዶ ግማሽ ነው፤ በመካከላቸው ጥቁር ቁልፍ የለምና። ከዚያ ሬ፣ ሚ፤ ሦስተኛው ሙሉ ድምፅ ሲመጣ ከሚ አንድ ቁልፍ ስትዘል ነጩን ፋ አልፈህ ጥቁሩ ላይ ታርፋለህ። ከዚያ ወደ ሶል ግማሽ ድምፅ ብቻ ቀረ፤ ለዚህም ነው ፋ ሻርፕ ወደ ቤቷ የምትቸኩል የምትመስለው። ሰባተኛውና ስምንተኛው ባር ላይ ላ፣ ሶል፣ ፋ ይልና ሶል ላይ ያርፋል። በነጩ ፋ አንዴ፣ በጥቁሩ አንዴ ምታው። ልዩነቱን ጣትህ ሳይሆን ጆሮህ ይነግርሃል።

አንዳንቴ ከመጀመሪያው ባር በላይ አንድ ጊዜ ተጽፏል፤ ሌላ የፍጥነት ቃል እስኪመጣ ይገዛል። ጣልያንኛ ሆኖ ከመሄድ የመጣ ቃል ነው። ከባቡር ጣቢያው ተነስተህ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ሳትቸኩል ስትራመድ ያለህ እርምጃ በለው። የድሮ ሜትሮኖሞች ላይ በደቂቃ ከ76 እስከ 108 ምት ድረስ ተጽፎ ይገኛል። አንተ ግን በ60 ጀምር፤ አንድ ምት ለአንድ ሰከንድ፣ የግድግዳ ሰዓት ይበቃሃል። ሦስት በአራት ስለሆነ በየባሩ ሦስት ምት አለ፤ ባዶ ራስ ያለውና ከጎኑ ነጥብ ያለበት ኖታ ሦስቱንም ይይዛል። 15ኛው ባር ላይ ያለው ሪታርዳንዶ ቀስ በቀስ ዘግይ ማለት ነው።

ፒ እና ኤፍ ግን ከፍጥነት ጋር ግንኙነት የላቸውም። ፒ ፒያኖ፣ ለስለስ አድርገህ፤ ኤፍ ፎርቴ፣ ጠንከር አድርገህ ማለት ናቸው። በመካከላቸው እየሰፋ የሚሄደው ሹካ መሳይ መስመር ቀስ በቀስ አጉላ ይልሃል። ክሪስቶፎሪ በ1700 ዓ.ም. ገደማ (እ.ኤ.አ.) በፍሎረንስ የሠራው መሣሪያ ፒያኖ የተባለው በእነዚሁ ሁለት ቃላት ነው፤ ለስላሳውንም ጠንካራውንም ከጣት ስለሚቀበል። ስለዚህ ኤፍ ትእዛዙ ለጣትህ ነው፤ ለድምፅ መቆጣጠሪያው አይደለም።

ይህን አደራ እልሃለሁ። ጆሮ ማዳመጫ አጥልቀህ በመካከል ድምፅ አትጨምር። የጠፋ የመስማት ችሎታ አይመለስም፤ እኔ ጆሮዬን ይዤ ነው የምኖረው፣ አንተም እንዲሁ። መጀመሪያ መቆጣጠሪያውን ወደ ታች አውርድ፣ ከዚያ አጥልቅ፣ ከዚያ ኤፍ ያለበትን ባር ጠንከር አድርገህ መትተህ ያ ቦታ ጆሮህን በማይከብደው ልክ አስተካክል፤ እስከ መጨረሻው አትንካው።

አሁን በገበያ ላይ የሞሉት ርካሽ ኪቦርዶች ግን ያናድዱኛል። ብዙዎቹ በቀስታም ምታ በኃይል አንድ ዓይነት ድምፅ ነው የሚያወጡት፤ የሰውን ልጅ ጣት መስማት የማይችል መሣሪያ ለተማሪ መሸጥ ተገቢ አይደለም። የአንተን ፈትነው፤ የፒያኖ ድምፅ መርጠህ አንዱን ቁልፍ በቀስታም በኃይልም ምታ። ልዩነት ከሌለው የንክኪ ማስተካከያው ተዘግቶ እንደሆነ በዝርዝሩ ውስጥ ፈልግ። ከሌለ ፒና ኤፍን ለጊዜው ተዋቸው፤ ኖታውንና ፍጥነቱን አጥራ፤ መቆጣጠሪያውን ግን ደግሜ እላለሁ፣ ማዳመጫ አጥልቀህ እየተጫወትክ በመካከል አታሽከርክር።

ፎቶውን እንደገና አንሳው። ጥራዙን ሳትሰብር ገጹን ዘርጋ፣ በቀን ብርሃን፣ ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርገህ፣ አራቱም ጠርዞች እንዲታዩ። በእስክሪብቶ የተጻፈበትን ወረቀት ጣለው። ከዚያ ከአምስት እስከ ስምንት ያሉትን ባሮች በፋ ሻርፕ ቀስ ብለህ ሞክር። አሁን ደግሞ ዶ መጎምዘዝ ከጀመረች ሁለተኛ ሻርፕ አለች ማለት ነው፤ በትሬብል ክለፍ ሦስተኛው ክፍተት ላይ ፈልጋት። እኔ ግን የለችም እላለሁ፤ የግራ እጁ የመጨረሻ ኖታ፣ ማለትም የዜማው ቤት፣ ሶል ነው፤ ከሶል ስንቆጥር ደግሞ ዶ ነጭ ሆና ነው የወጣችው።