«ሲሻገር አየሁት» በእንግሊዝኛ፦ «ክሮስ» ወይስ «ክሮሲንግ»?

«ሰላም ቤተሰብ። ‹መንገድ ሲሻገር አየሁት› ለማለት ‹አይ ሶው ሂም ክሮስ ዘ ስትሪት› ነው ወይስ ‹ክሮሲንግ ዘ ስትሪት›? መምህራችን ሁለቱም ልክ ነው ብሎ አለፈው። ልዩነት ከሌለው ለምን ሁለት ሆነ? ደግሞ ለምንድነው ‹ቱ ክሮስ› የማይባለው?»

ወንድሜ፣ መምህርህ አልተሳሳተም፤ ቸኩሎ ነው። ሰዋስዉ በሁለቱም ልክ ነው፣ ትርጉሙ ግን ይለያያል። እኔ ልዩነቱ የገባኝ በስልክ ነው፣ ያውም ከኢንሹራንስ ሠራተኛ ጋር ስነጋገር። (እንግሊዝኛውን እንደ አንተ በእኛው ፊደል እጽፈዋለሁ። ጮክ ብለህ አንብበው።)

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። አውቶቡስ ስጠብቅ አንድ ሽማግሌ ዜብራው ላይ እየተሻገሩ ነው። መሃል ላይ ሲደርሱ ወደ ቀኝ የታጠፈች መኪና ገጨቻቸው። እግራቸው ተጎዳ እንጂ ተርፈዋል። እኔም ምስክር ነኝ ብዬ ስሜንና ስልኬን ሰጠሁ። ከሳምንት በኋላ አንዲት ሴት ደወለች፤ ንግግራችን እየተቀዳ ነው።

«አይ ሶው ሂም ክሮስ ዘ ስትሪት። ዜን ዘ ካር ሂት ሂም» አልኳት። በራሴ ኮርቼ!

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ስለዚህ ሰውየው ተሻግረው ጨርሰው ነበር? መኪናዋ የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥታ ነው የገጨቻቸው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ደነገጥኩ። መሃል መንገድ ላይ ነው ብዬ ሦስት ጊዜ ካስረዳኋት በኋላ ራሷ አስተካክላ አነበበችልኝ፦ «ዩ ሶው ሂም ክሮሲንግ ዘ ስትሪት፣ ኤንድ ዘ ካር ሂት ሂም።» የተለወጠው ትልቁ ነገር «ክሮስ» የነበረው «ክሮሲንግ» መሆኑ ነው። እርግጥ እኔ የጨመርኳት «ዜን» ነገሩን አባብሳዋለች፤ መጀመሪያ ተሻገሩ፣ ቀጥሎ ተገጩ ያልኩ አስመስላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ሶው ሂም ክሮስ» ስትል ድርጊቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አይቻለሁ ማለትህ ነው፦ ከዚህኛው ጠርዝ ወረደ፣ እዚያኛው ጠርዝ ላይ ወጣ፣ አለቀ። «ሶው ሂም ክሮሲንግ» ስትል ግን ዓይንህ ያረፈው መሃሉ ላይ ነው። ይጨርስ አይጨርስ አልተናገርክም። ልብ በል፣ አልጨረሰም ማለት አይደለም። ስለ መጨረሻው ዝም ማለት ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ አዲስ የመጡ ሰዎችን ሳስጠና የምጠቀምበት መፈተኛ አለኝ። ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ «ግን መሃል ላይ ሐሳቡን ቀይሮ ተመለሰ» የሚል ቀጥልበት። «ክሮሲንግ» ካልክ ያለ ችግር ይቀጥላል። «ክሮስ» ካልክ ይጋጫል፤ ተሻግሮ ያበቃ ሰው እንዴት መሃል ላይ ይመለሳል?

እኛን የሚያደናግረን አማርኛችን ነው። «ሲ» የምትለዋ ሁለቱንም ጠቅልላ ትይዛለች። «ሲሻገር አየሁት» ብትለኝ ጨርሶ ይሁን መሃል ላይ ይሁን ከወሬው ነው የምረዳው። ስለዚህ ወደ እንግሊዝኛ ከመሄድህ በፊት አማርኛውን ለራስህ ዘርዝረው። «እየተሻገረ ሳለ አየሁት» ለማለት ከፈለግክ «ክሮሲንግ»፤ «ተሻግሮ ሲያልፍ አየሁት» ከሆነ «ክሮስ»።

«ዋች» ላይ ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል፣ ምክንያቱም ቆሞ መመልከትን ስለሚናገር። ጓደኛዬ የመኪና ጎማ ሲቀይር ከክሪክ እስከ መጨረሻው ብሎን ቆሜ ካየሁ «አይ ዋችድ ሂም ቼንጅ ዘ ታየር» እላለሁ። የሚሰማኝ ሰው እኔም መቀየር ሳልችል አልቀርም ብሎ ያስባል። ቡናዬን ይዤ ለሁለት ደቂቃ ብቻ አይቼ ከሄድኩ ግን «ቼንጂንግ» ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። ድርጊቱ በቅጽበት የሚያልቅ ከሆነ መሃል የሚባል ነገር የለውም። በር አንዴ «ኳ!» ሲል መሃሉ የቱ ጋ ነው? እንዲህ ዓይነት ግሥ ላይ «ኢንግ» ስትጨምርበት መደጋገም ይሆናል። «አይ ኸርድ ሳምዋን ኖክ» አንዴ አንኳኳ፣ ሰማሁ። «አይ ኸርድ ሳምዋን ኖኪንግ» ኳ ኳ ኳ፣ እስኪከፈትለት የሚደበድብ ሰው አለ። መዝለልም እንደዚያው ነው፦ «ጃምፕ» አንዴ፣ «ጃምፒንግ» ደጋግሞ።

አሁን ወደ «ቱ»። ከእንግሊዝኛዎቹ «ሲ»፣ «ሂር»፣ «ዋች» ቀጥሎ ሰውየው ይመጣል፣ ከሱ ቀጥሎ ግሡ ራቁቱን ይቆማል። «ቱ» አይቀድመው፣ ያለፈ ጊዜም አይለብስ። እኔ ጋ ከሚመጡት ተማሪዎች ብዙዎቹ የሚስቱት «ቱ»ን በመጨመር አይደለም፤ «አይ ሶው ሂም ክሮስድ» ይላሉ። ያለፈ ነገር ስለሆነ ሁሉንም ወደ ኋላ መጎተት አለብን ብለው ነው። ያለፈውን ጊዜ «ሶው» ብቻዋን ተሸክማዋለች፣ ሁለተኛው ግሥ አይነካም።

የሚገርመው፣ ዓረፍተ ነገሩን ስትገለብጠው የተባረረችው «ቱ» ተመልሳ ትገባለች። «ሲገባ ታይቷል» ለማለት «ሂ ዋዝ ሲን ቱ ኢንተር ዘ ቢልዲንግ» ነው የሚባለው፤ «ዋዝ ሲን ኢንተር» አይባልም። «ዋዝ ሲን ኢንተሪንግ» ግን እንዳለ ይሄዳል። በአፍ ሲወራ ብዙ የምትሰማው ይህን የ«ኢንግ»ውን ነው። የ«ቱ»ው ትንሽ የፖሊስ ሪፖርት፣ የፍርድ ቤት ወረቀት ይሸታል። «ዋች»ን ደግሞ እንዲህ አትገልብጠው፤ «ሂ ዋዝ ዋችድ ቱ ኢንተር» ማንም አይልም።

«ሰማሁ» ላይም ተጠንቀቅ። እዚህ አማርኛችን ጎበዝ ነው፣ ራሱ ይለያል። «ሲወጣ ሰማሁት» ካልክ ኮቴውን፣ የበሩን ድምፅ በጆሮህ ሰምተሃል፦ «አይ ኸርድ ሂም ሊቭ»። «መውጣቱን ሰማሁ» ካልክ ሰው ነግሮህ ነው፦ «አይ ኸርድ ዛት ሂ ሌፍት»። እዚህኛው ላይ ግሡ የራሱን ጊዜ ይለብሳል፣ ምክንያቱም ራሱን የቻለ ዓረፍተ ነገር ነው። አንዱ ተማሪዬ የአጎቱን መታመም በስልክ ሰምቶ «አይ ኸርድ ሂም ጌት ሲክ» ብሎ ለአለቃው ነገረው። አለቃው አጎትየው እዚያው ቤት፣ ከጎኑ ባለው ክፍል ሲያስመልሱ የሰማ መስሎት «አሁን ደህና ናቸው? አምቡላንስ ጠራህ?» አለው። አጎትየው ደሴ ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተው። ማሽተት፣ «ስሜል»፣ ምርጫ አይሰጥህም። ሽሮው ሲያር ከሸተተህ «አይ ስሜል ሳምሲንግ በርኒንግ» ነው፣ «በርን» አይሆንም። አፍንጫ የሚደርሰው ሁልጊዜ መሃሉ ላይ ነው፤ ድስቱ መች ማረር እንደጀመረ አላየህም፣ አርሮ እስኪያልቅም ቁጭ ብለህ አትጠብቅም።