ጸጋና ነጻ ፈቃድ በ90 ሰከንድ፦ ገመዱን ተይው

«ሰላም ለሁላችሁ። ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ቲክቶክ ስለ ጸጋና ነጻ ፈቃድ የ90 ሰከንድ ስክሪፕት ጻፊ ተብያለሁ። የምጽፈው ሁሉ ወይ ይረዝማል፣ ወይ ሳሳጥረው ስሕተት ይሆንብኛል። የሞከረ ካለ ከየት ልጀምር?»

እህቴ፣ ያንኑ ሥራ ተሰጥቶኝ ፍዳዬን አይቻለሁ። የጠቀመኝን ልንገርሽ። የኮሚቴውንም ጉድ አልደብቅሽም።

1. ቃል ቁጠሪ። ከፈረንጆቹ የተቀዱ ምክሮች ለ90 ሰከንድ 225 ቃል ገደማ ጻፉ ይላሉ። በአማርኛ አይሠራም፤ ቃሎቻችን ረጃጅም ናቸው። ሳትጣደፊ፣ ሰሚው እንዲያስብ ፋታ እየሰጠሽ ካነበብሽ 150 ቃል እንኳ በግድ ነው የሚገባው። በልብሽ አታንብቢ፣ ያታልላል። የስልክሽን ሰዓት ከፍተሽ ጮክ ብለሽ አንብቢው።

2. «ጸጋ ምንድን ነው?» ብለሽ አትጀምሪ። እንዲህ ከጀመርሽ ትርጉም ማብዛት ይመጣል፣ ሰዓቱም ያልቃል። ልጆቹ በእውነት የሚጠይቁትን ውሰጂ፦ ጸጋው ካዳነኝ የእኔ ድርሻ ምንድን ነው? እኔ ከሠራሁ ደግሞ ጸጋው ለምን አስፈለገ? ከዚህ ሌላ ጥያቄ አትጨምሪ።

3. ምሳሌሽን መርምሪ። ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ ቁጥሩንም እዚሁ ላይ ላቁመውና ልተርክልሽ።

ስለ ጸጋ ሲወራ ሁሉም ሰው የሚያመጣት ምሳሌ አለች። ሰው ጎርፍ ወስዶታል። አንዱ ከዳር ቆሞ ገመድ ይወረውርለታል። ገመዱ ጸጋ ነው፣ መያዙ ደግሞ ነጻ ፈቃድ ነው። እኛም ጋ መጀመሪያ የቀረበችው እሷ ነበረች። ታምራለች፣ አጭር ናት፣ በሥዕልም ትሠራለች። ግን የምትሰብከው የጥንቱን መናፍቅ የፔላግዮስን ትምህርት ነው።

እንዴት ብትይ፣ ፔላግዮስ «ጸጋ የለም» ብሎ አያውቅም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጸጋ አለ ይል ነበር። ለእሱ ግን ጸጋ ማለት እግዚአብሔር በተፈጥሮ የሰጠን ችሎታ፣ ሕጉ፣ ትምህርቱ፣ የክርስቶስ አርአያነትና የኃጢአት ይቅርታ ነው። ይህን ሁሉ ካገኘ በኋላ ሰው በጎውን ለመምረጥ የራሱ ፈቃድ ይበቃዋል ባይ ነው። አውግስጢኖስ የተከራከረው ይህንን ነው። የታመመው ፈቃዱ ራሱ ነው፣ ስለዚህ ጸጋው ወደ ውስጥ ገብቶ ፈቃዱንም መፈወስ አለበት አለ። በ418 እ.ኤ.አ. የካርታጎ ጉባኤ የፔላግዮስን ትምህርት አወገዘ። ቤተ ክርስቲያናችን የምትቀበለው የ431ዱ የኤፌሶን ጉባኤም በንስጥሮስ ጉዳይ መሐል የፔላግዮስን ባልደረባ የኬሌስቲዮስን ሐሳብ የሚከተሉትን አውግዟል።

አሁን ገመዱን እዪው። ገመዱ ከውጭ ነው የመጣው። የሰውየው እጅ ግን ደህና ነው። ጤነኛ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ በራሱ ይይዛል። ጸጋው ክንዱን አልነካውም። «የለም፣ ሰውየው ራሱን ስቷል፣ ጎትተው ነው ያወጡት» ብትይ ደግሞ ወደ ሌላኛው ገደል ገባሽ። እዚያ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ የትኛውንም ምሳሌ ስታመጪ ይህን ጠይቂ፦ በምሳሌው ውስጥ ጸጋው የሰውየውን አቅም ራሱን ይነካል ወይ? ከነካውስ በኋላ የሚያደርገው ማነው? ሁለቱንም ካልመለሰልሽ ጣዪው።

እኔ ያገኘሁት ማርቆስ 3 ላይ ነው። በምኩራብ የነበረው እጁ የሰለለች ሰው። ይሄን ታሪክ በማግኘቴ እስከ ዛሬ እኮራለሁ፣ አልደብቅሽም። እንዲህ ነበር የጻፍኩት፦

«ጸጋው ካዳነኝ የእኔ ድርሻ ምንድን ነው? እኔ ከሠራሁ ደግሞ ጸጋው ለምን አስፈለገ?

በምኩራብ ውስጥ አንድ ሰው ነበር። እጁ ሰልላለች። ፈውሰኝ ሲል አንሰማውም። ጌታ ግን ራሱ ጠራው። ተነሥተህ ወደ መካከል ና አለው። ከዚያ የማይችለውን አዘዘው። እጅህን ዘርጋ!

ልብ በሉ። መዘርጋት ቢችልማ ኖሮ መች ይታመም ነበር?

ዘረጋት። እጁም ዳነች።

ኃይሉ የማን ነው? የጌታ። የዘረጋውስ ማነው? ሰውየው። ጌታ እጁን ይዞ አልጎተተለትም። ሰውየውም በገዛ ጉልበቱ አልዘረጋም። ጸጋው ከፈቃዳችን ይቀድማል፣ ፈቃዳችንን ግን አይረግጥም።

ቅዱስ ጳውሎስ ሁለቱን አንድ ላይ ነው የተናገራቸው። የራሳችሁን መዳን ፈጽሙ ይላል። ወዲያው ደግሞ መፈለግንም ማድረግንም በእናንተ የሚሠራ እግዚአብሔር ነውና ይላል። መፈለጋችን እንኳ የእሱ እርዳታ አለበት።

እና መጸለይ አቃተኝ የምትል ወንድሜ፣ እስክትችል አትጠብቅ። ዘርጋ።»

ከ150 ቃል በታች ነው። ታሪኩ ለምን እንደሠራ ልንገርሽ። ሰውየው ለመፈወስ ሲለምን በማርቆስም፣ በማቴዎስም፣ በሉቃስም አናነብም። ጸጋው ቀድሞ መጣ። ትእዛዙ ደግሞ የወደቀው በዚያው በታመመው እጅ ላይ ነው፣ በደህናው ላይ አይደለም። ገመዱ ያልቻለው ይሄንን ነው። የጳውሎሱ ቃል ፊልጵስዩስ 2፥12 እና 13 ነው። ሁለቱን ቁጥሮች በፍጹም አትነጣጥያቸው። 12ን ብቻ ካነበብሽ ሁሉም በሰው ጥረት ይመስላል። 13ን ብቻ ካነበብሽ ሰው አሻንጉሊት ይሆናል።

አንድ ነገር ግን እወቂ። ታሪኩ በወንጌሉ ውስጥ የተነገረው ስለ ሰንበት ክርክር ነው። እኛ ለጸጋ ምሳሌ አድርገን ወሰድነው እንጂ ማርቆስ ስለ ነጻ ፈቃድ እያስተማረ አልነበረም። ይሄን የሚልሽ ሰው ከመጣ «ልክ ነህ» በዪው፣ ልክ ነውና።

ወደ ኮሚቴው ልምጣ። ስክሪፕቱን ለሚገመግም ክፍል ሰጠሁ። የየት እንደሆነ ይቅር። ቆየ፣ ቆየ፣ ሲመለስ በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቶ ነው። ምንም ስሕተት አላገኙበትም! አንዱ «ስለ ጥምቀት አልተነሣም» ብሎ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጨምሯል። ሌላው ንስሐን ጨመረ። ሦስተኛው የአዳምን ውድቀት ከመጀመሪያው ካልተረክን አይሆንም አለ። አራተኛው ሲራክ 15 ይግባ አለ። ሁሉም ለየብቻው እውነት ነው። ማንን ምን ትይዋለሽ? ሰብሳቢው ጭራሽ ቀና ብሎ ሳያየኝ «የቲክቶክ ሰዎች ሃይማኖት አታሳጥሩ» አለኝ። ደጅ የጠናሁበት ጊዜ ሳያንስ!

ተናደድኩ፣ ግን አልተሳደብኩም። ስልኬን አወጣሁ። እነሱ የጨመሩበትን ወረቀት እዚያው ፊታቸው ጮክ ብዬ አነበብኩት። አራት ደቂቃ አልፎ ገና አዳም ከገነት አልወጣም። አንዱ መሪጌታ ሳቁ። ከዚያ ሌላ ወረቀት አወጣሁ። በላዩ ላይ «በዚህ ክፍል ያልተነገሩ፣ በሌላ ክፍል የሚመጡ» ብዬ ጥምቀትን፣ ንስሐን፣ ውድቀትን በየተራ ጽፌ ነበር። ያቺ ወረቀት ናት ያዳነችኝ። ገምጋሚ የሚጨምረው ነገሩ የተረሳ ሲመስለው ነው። እንዳልተረሳ በጽሑፍ ካየ እጁን ይሰበስባል። አንቺም ከስክሪፕቱ ጋር አያይዘሽ አስገቢ፣ በኋላ አይደለም።

የሲራኩን ሐሳብ ግን ወድጄው ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። እሳትና ውኃ በፊትህ ተቀምጧል፣ እጅህን ወደ ወደድኸው ዘርጋ ይላል። ከታሪካችን ጋር እንዴት እንደሚገጥም እዪው። ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ብቻ ቢሆን አስገባው ነበር። ቲክቶክ ላይ ግን 66 መጻሕፍት ብቻ የሚቀበል ወገንም ያያል፣ ክርክሩ ስለ ጸጋ መሆኑ ይቀርና ስለ ሲራክ ይሆናል። ለጉባኤ አስቀምጪው።

ሌላው ያቃጠለኝ ቪዲዮውን ያቀናበረው ልጅ ነው። ሳይነግረኝ «ሪትሙ እንዲፈጥን» ብሎ የጳውሎስን ክፍል ቆረጠው። በዚያ ረቂቅ ላይ «ጸጋው ይቀድማል» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ከጳውሎስ በኋላ ነበረች፣ አብራ ሄደች። የቀረው ሰውየው ዘረጋ፣ ዳነ፣ አንተም ዘርጋ። ንጹሕ ፔላግዮስ! ኮሜንቱን አትጠይቂኝ። አንዱ «በሥራ መዳንን ትሰብካላችሁ» ይላል፣ ሌላው «ተሐድሶ ገባችሁ» ይላል፣ በአንድ ቪዲዮ። ከዚያ ወዲህ ያቺን ዓረፍተ ነገር ከታሪኩ ጋር አጣብቄ መሐል ላይ አደረግኋት። ብዙ ሰው ደግሞ ሳይጨርስ ነው የሚያልፈው፣ መጨረሻ ላይ ያስቀመጥሽውን አይሰማም። ለአቀናባሪውም ይህች አትነካም ብለሽ በቢጫ ቀብተሽ ስጪው፣ ሳይለጠፍም አንቺ እዪው።

ከለጠፍሽ በኋላ «ፈርዖንስ? ሮሜ 9ስ?» የሚል መምጣቱ አይቀርም። ይሄ ታሪክ ለዚያ አይበቃም፣ አንዱ ለምን እሺ እንደሚል ሌላው ለምን እምቢ እንደሚል አይናገርም። በኮሜንት ልመልስ ብለሽ አትግቢበት። የፈርዖን ነገር ራሱን የቻለ ክፍል ይፈልጋል። ዘጸአት 8 ላይ ልቡን ያደነደነው ራሱ ፈርዖን ነው፣ 9፥12 ላይ ደግሞ እግዚአብሔር አደነደነው ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠሽ ቀጣዩን ከዚያ ጀምሪ። ረቂቅሽን ስትጨርሺ እዚህ ለጥፊው፣ አየዋለሁ።